ከ412 ወደ 250፦ «አዲሱ ነገር የታለ?»

*ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ጨርሻለሁ። ተማሪዎች አንዱ በሌላው ድርሰት ላይ የሚሰጡት አስተያየት የመጻፍ ክሂላቸውን ያሻሽል እንደሆነ ነው ያጠናሁት። አኅጽሮተ ጥናቱ 412 ቃል ሆነብኝ፤ የሚፈቀደው ግን 250 ነው፤ አንድ ቃል ቢበልጥ አይቀበሉም። ሁለት ሌሊት ሙሉ ከየዐረፍተ ነገሩ ቃል እየለቀምኩ 263 አደረስኩት። ለአማካሪዬ ስልክላቸው «አጥሯል፤ ግን አዲሱ ነገር የታለ?» አሉኝ። ለእኔ ደግሞ የቀረው ሁሉ አስፈላጊ ነው የሚመስለኝ። 13 ቃል ከየት ልቀንስ? አዲሱ ነገርስ የት ሄደ? አራት ቀን ነው የቀረኝ። ሁለቱንም ረቂቆች አያይዤልዎታለሁ።*

*ቃል የበዛባት*

ረቂቆችሽን ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው። ስለ 13ቱ ቃላት ለጊዜው አታስቢ፤ እነሱ በአምስት ደቂቃ ይወጣሉ። ከባዱ የአማካሪሽ ጥያቄ ነው። መልሱ 412ቱ ውስጥ ነበረ፤ 263ቱ ውስጥ ግን የለም። ከመጨረሻው ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እንዲህ ብለሽ ነበር (ሰው እንዳያውቅሽ በጥናቱ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮችና አንዳንድ ዝርዝሮች ቀይሬያለሁ)፦

«በተጨማሪም አስተያየት የሰጡ ተማሪዎች ከተቀበሉት ይልቅ የተሻለ መሻሻል ማሳየታቸው ታውቋል።»

አሥር ቃል ነው። ስታሳጥሪ የጣልሽው ይህንን ነው። ለምን እንደጣልሽው ደግሞ ይገባኛል። «በተጨማሪም» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ራሱ «እኔ ትርፍ ነኝ» እያለ ነው። ቦታ የጠበበበት ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ይህ በአንቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። አኅጽሮተ ጥናት ስንጽፍ ሥራውን በሠራንበት ቅደም ተከተል ነው የምንጽፈው። መጀመሪያ ያነበብነው፣ ቀጥሎ የሰበሰብነው፣ ከዚያ ያገኘነው። አዲሱ ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጽሑፉም ውስጥ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ ያውም ደክሞን በጻፍነው ዐረፍተ ነገር። የእኔማ ከዚህም የባሰ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጽሑፍ ሳስገባ አኅጽሮተ ጥናቱን በቅጹ ሳጥን ውስጥ ለጥፌ «ላክ» አልኩ። ሳጥኑ ከወሰኑ በላይ ያለውን ዝም ብሎ ቆርጦ ጥሎታል። ለካ ግኝቴ ያለው የተቆረጠው ውስጥ ነበር። ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። መዝገቡ ላይ የእኔ ጥናት «መረጃው የተተነተነው በ» ብሎ ያበቃል።

ወደ አንቺ እንመለስ። ከየዐረፍተ ነገሩ ቃል መልቀም የምትይው መንገድ ነው ጉዳቱን ያመጣው። እንዲህ ሲደረግ ሁሉም ዐረፍተ ነገር እኩል ይከሳል እንጂ አይጠፋም። 263ቱን ስቆጥር ስለ መጻፍ አጠቃላይ ጥቅም የሚያወሩ አራት ዐረፍተ ነገሮች ከስተው በሕይወት አሉ። አንድም አንባቢ ስለ መጻፍ ጥቅም ለማወቅ ብሎ የአንቺን ጽሑፍ አይከፍትም። ስለዚህ ረቂቆቹን ዝጊያቸው። ባዶ ገጽ ክፈቺና አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊ። ከዚህ ጥናት በፊት የማይታወቅ፣ አሁን ግን የታወቀ ነገር ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ብሎ በመጻፍ ነው፦ «ጥናቱ የእኩያ አስተያየት በመጻፍ ክሂል ላይ ያለውን ሚና ይመረምራል።» ይህ ርዕስ ነው፤ አስተዋጽኦ አይደለም። «ይመረምራል»፣ «ይዳስሳል»፣ «ይፈትሻል» የሚሉት ግሦች የሚነግሩን ምን እንደሠራሽ ነው። ምን እንዳገኘሽ አይነግሩንም። መፈተኛው ቀላል ነው። ያን ዐረፍተ ነገር ሥራው ገና ሳይጀመር፣ በጥናቱ ዕቅድ ላይ መጻፍ ይቻል ከነበረ አስተዋጽኦ አይደለም። የአንቺው እንዲህ ነው የሚሆነው፦

«የእኩያ አስተያየት ጥቅም በዋናነት የመጣው ከመቀበል ሳይሆን ከመስጠት ነው፤ ጥናቱም ይህን ያሳየው ሁለቱን ለያይቶ በመለካት ነው።»

ይህ ዐረፍተ ነገር እንዳለ አኅጽሮተ ጥናቱ ውስጥ ላይገባ ይችላል። አገልግሎቱ ዳኝነት ነው። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ያለ አንተ ይህ ይገባል ወይ? ያለ አንተ ይታመናል ወይ?» ብለሽ ትጠይቂዋለሽ። ለመግባትም ለመታመንም የማያስፈልግ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ብትደክሚበት፣ ቦታው ጽሑፉ ውስጥ ነው። አኅጽሮተ ጥናት ውስጥ አይደለም።

እስቲ በተግባር እንየው። መነሻሽ ይህ ነበር፦

«መጻፍ ከአራቱ የቋንቋ ክሂሎች አንዱ ሲሆን ለተማሪዎች በትምህርታቸውም ሆነ በዕለት ተዕለት ሕይወታቸው ውስጥ ከፍተኛ ጠቀሜታ ያለው ክሂል እንደሆነ የተለያዩ ምሁራን ይገልጻሉ።»

21 ቃል። ለመግባትም ለመታመንም አያገለግልም። ይውጣ። የሚከተሉት ሦስቱም የእሱው ወንድሞች ናቸው፤ አብረው ይውጡ። አንባቢ ከመነሻ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥያቄው ለምን እስካሁን ሳይመለስ ቆየ? ያ እንዲህ ይጻፋል፦

«የእኩያ አስተያየት የመጻፍ ክሂልን እንደሚያሻሽል ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ተማሪዎቹ በአብዛኛው ሰጪም ተቀባይም ስለሚሆኑ ግን ጥቅሙ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ይህ ጥናት ሁለቱን ለያይቶ ለካ።»

24 ቃል። «በአብዛኛው» የምትለዋን እንዳታወጫት። ረቂቅሽ ላይ «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚል አይቻለሁ፤ እሱን አውጪው። ሁለት ቃል ይበላል፤ መከላከያ ላይ ደግሞ አንድ ፈታኝ አንድ ቀደም ያለ ጥናት ካመጣ ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ ስታወሪ ትውያለሽ። ክፍተቱ በደንብ ከተነገረ አዲስነቱን አንባቢው ራሱ ያየዋል።

አሁን ዘዴው። ከረቂቅሽ የወሰድኩት ነው፦

«የጥናቱን ዓላማ ከግብ ለማድረስ ከፊል ሙከራዊ የምርምር ንድፍ ጥቅም ላይ የዋለ ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹም በሦስት ክፍሎች የሚማሩ 96 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። መረጃው የተሰበሰበው በቅድመ ትምህርትና በድኅረ ትምህርት የመጻፍ ፈተናዎች፣ በጽሑፍ መጠይቅና በቃለ መጠይቅ አማካይነት ሲሆን፣ የተሰበሰበውም መረጃ በአማካይ ውጤት፣ በመደበኛ ልይይት፣ በአኖቫና በገለጻ ተተንትኗል።»

44 ቃል ፈጅቶ ዋናውን አልነገረኝም። ሦስቱ ክፍሎች ምን ምን አደረጉ? አዲሱ ነገርሽ ያረፈው በዚህ ላይ ነው። ሰጪና ተቀባይ ተለይተው መሥራታቸውን ካላወቅኩ ግኝትሽን ከምን አንጻር ልመነው? መሣሪያዎቹ በሙሉ ተዘርዝረዋል፤ ሙከራው ግን የለም። እንዲህ ብናደርገውስ፦

«በከፊል ሙከራዊ ንድፍ፣ በሦስት ክፍሎች የሚማሩ 96 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ለስምንት ሳምንት ድርሰት ጻፉ፤ አንዱ ክፍል አስተያየት መስጠት ብቻ፣ ሌላው መቀበል ብቻ ሲለማመድ ሦስተኛው ሁለቱንም አላደረገም። ከትምህርቱ በፊትና በኋላ የተሰጡ የመጻፍ ፈተናዎች በአኖቫ ተነጻጸሩ።»

34 ቃል። በአሥር አጠረ፤ የተናገረው ግን በዛ። «ዓላማውን ከግብ ለማድረስ» እና «ጥቅም ላይ የዋለ ሲሆን» ወጡ፤ በእነሱ ቦታ ሙከራው ገባ። አማካይና መደበኛ ልይይትም ወጡ፤ የቡድኖችን አማካይ ውጤት የሚያነጻጽረውን አኖቫ የሠራ ሰው እነሱንም እንዳሰላ አንባቢው ያውቃል። መጠይቁም ወጥቷል፤ ምክንያቱም ከመጠይቁ የተገኘ አንድም ውጤት አኅጽሮተ ጥናትሽ ውስጥ የለም። መሣሪያው የሚጠቀሰው ውጤቱ ሲጠቀስ ነው። ግን መመሪያችሁ «ሁሉም የመረጃ መሰብሰቢያ ይጠቀስ» የሚል ከሆነ መመሪያው ይበልጣል። ስማቸውን ብቻ መልሺ፤ ሦስት አራት ቃል ነው።

ግኝቱ ላይ ደግሞ ሁለቱም ረቂቆችሽ «የጥናቱ ውጤት እንደሚያሳየው የእኩያ አስተያየት በተማሪዎች የመጻፍ ክሂል ላይ አዎንታዊ ተጽዕኖ አለው» ይላሉ። በምን ያህል? በየትኛው የመጻፍ ክፍል? በየትኛው ቡድን? ይኼኛውም ሥራው ሳይጀመር ሊጻፍ ይችል የነበረ ነው። ምዕራፍ አራትሽን ገልጬ ከሰንጠረዡ ይህን አወጣሁ፦

«በሐሳብ አደረጃጀት የሰጪዎቹ አማካይ ውጤት በ11፣ የተቀባዮቹ በ4፣ የሦስተኛው ክፍል በ3 ነጥብ (ከ100) አደገ፤ በሰዋስው ግን በቡድኖቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።»

21 ቃል። ሦስተኛውን ክፍል ለምን አስገባሁት? እሱ ከሌለ የተቀባዮቹ 4 ነጥብ ጥሩ ይመስላል። አስተያየት ያልነካቸው ተማሪዎች በ3 ካደጉ ግን 4 ያን ያህል ነገር አይደለም። አንዲት ቁጥር ናት፤ ግኝቱን የምታቆመው እሷ ናት።

የመጨረሻው ክፍልሽ ለመምህራን፣ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች፣ ለተማሪዎች፣ ለወደፊት አጥኚዎች ምክር ይሰጣል። ለሁሉም «ትኩረት ቢሰጡ» ነው የሚለው። እሱን ተይውና አንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጪ፦

«ውጤቱ አስተያየት መስጠት ራሱ የመጻፍ ልምምድ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ የተጠኑት ግን ሦስት ክፍሎች ብቻ በመሆናቸው በሌሎች ክፍሎችም መፈተሽ አለበት።»

19 ቃል። አሁን ደምሪው። 24፣ 34፣ 21፣ 19። 98 ቃል። አማካሪሽ የጠየቁት ነገር ውስጡ አለ፤ ገና 152 ቃል በእጅሽ ቀርቷል። ትናንት 13 ቃል በልጦብሽ እንቅልፍ አጥተሽ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሥራው ይገለበጣል። አትቀንሺም፤ ትመልሻለሽ። አንድ ዐረፍተ ነገር ከአሮጌው ረቂቅ ታነሺና ያንኑ ጥያቄ ትጠይቂዋለሽ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምመልሰው ከቃለ መጠይቁ ያገኘሽውን ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ፍንጭ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። «በቃለ መጠይቁ ሰጪዎቹ የሌላውን ድርሰት ሲያነቡ ያዩትን ችግር በራሳቸው ድርሰት መፈለግ እንደጀመሩ ተናገሩ።» 13 ቃል። አሁን 111 ሆነ። ቀጥሎ ምናልባት ድርሰቶቹን ስንት አራሚ እንዳረመና ምን ያህል እንደተስማሙ። ከዚያ ሰጪዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ሥልጠና ማግኘታቸው። ስትመልሺ ስትመልሺ የሚመለስ ካለቀብሽ 180 ላይም ቢሆን አቁሚ። 250 ጣሪያ ነው፤ መመሪያው ዝቅተኛ ቁጥር ካላስቀመጠ በስተቀር መሙላት ግዴታ የለብሽም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ማሳጠር አደገኛ የሚሆነው ነገር ስለሚጎድል ብቻ አይደለም፤ ነገርን ስለሚያሳብጥም ነው። መጀመሪያ የሚወጡት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ እነዚያ ትንንሽ ቃላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጓሞቹ ናቸው። 412ቱ ላይ «በሐሳብ አደረጃጀት ረገድ» ብለሽ ነበር። 263ቱ ላይ ሦስቱም ቃላት ወጥተው «የመጻፍ ክሂልን ያሻሽላል» ሆነ። ይህ ማሳጠር አይደለም፤ ሌላ ድምዳሜ ነው። ያውም ሰዋስው ላይ ጉልህ ልዩነት ስላላገኘሽ ስሕተት ነው።

ሌሎችም አሉ። «ጉልህ ልዩነት አልታየም» የሚለው «ጉልህ»ን ሲያጣ ቡድኖቹ እኩል ናቸው ማለት ይሆናል። ያንን ደግሞ አላረጋገጥሽም። «ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል» ወደ «ነው» ሲያጥር ሁለት ቃል ታተርፊያለሽ፤ ሦስት ክፍል አጥንተሽ ለዓለም ሁሉ የተናገርሽ ትሆኛለሽ። ፈታኞች አኅጽሮተ ጥናቱን አንብበው ወደ ምዕራፍ አራት ሲሄዱ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ስትጨርሺ የመጨረሻውን ረቂቅ አትሚና ከእያንዳንዱ ግኝት ጎን ጽሑፉ ውስጥ ያለበትን ገጽ በእርሳስ ጻፊ። ከዚያ ሁለቱን አስተያዪ። ገጹ ላይ ያለው አነጋገር ከአኅጽሮተ ጥናቱ ይልቅ ጠንቃቃ ከሆነ፣ የጎደለውን ልጓም መልሺ። ገጹን ካጣሽው ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ አኅጽሮተ ጥናት ውስጥ መግባት የለበትም።

ስለ አቆጣጠሩም ትንሽ ነገር ልበል፤ አንድ ቃል ቢበልጥ አይቀበሉም ብለሻልና። ማይክሮሶፍት ወርድ የሚቆጥረው በባዶ ቦታ የተለያዩትን ነው። ትርጉም አያውቅም። አራት ነጥቡን ከቃሉ አርቀሽ «ተነጻጸሩ ።» ብለሽ ከጻፍሽ አራት ነጥቡ ራሱ አንድ ቃል ሆኖ ይቆጠራል። ረቂቅሽ ውስጥ ዘጠኝ ቦታ እንዲህ አድርገሻል። «በ 11» ሁለት፣ «በ11» አንድ። «50 %» ሁለት፣ «50%» አንድ። እነዚህን ብቻ ብታስተካክዪ 13ቱ ቃል ሄዶልሽ ነበር፤ በአምስት ደቂቃ ይወጣሉ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ትክክለኛው አጻጻፍ ነው። «ቃለ መጠይቅ»ን አጣብቀሽ «ቃለመጠይቅ» ማለት ግን፣ ጽሑፉ ውስጥ ሁሉ ለያይተሽ ጽፈሽው እዚህ ብቻ ከሆነ፣ ያስታውቃል። የመጨረሻውን ቆጠራ ደግሞ በወርድ ሳይሆን በማስገቢያው ቅጽ ላይ አድርጊው። ለጥፊ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ቃል ወርደሽ እዪ። ቁልፍ ቃላትና ርዕስ ይቆጠሩ እንደሆነም መመሪያውን ተመልከቺ።

የእንግሊዝኛ ቅጂም የሚጠየቅሽ ከሆነ ከአሁኑ አስቢበት። በአማርኛ «በክፍላቸው» አንድ ቃል ናት፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ትሆናለች። ልክ 250 ላይ የቆመ አማርኛ ሲተረጎም ወሰኑን አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ እንደገና መልቀም ትጀምሪያለሽ። እንግሊዝኛውንም ከ98ቱ አጽም ጀምረሽ ለብቻው አሳድጊው። ሁለቱ ቅጂዎች ቃል በቃል መመሳሰል የለባቸውም፤ ግኝቱና ልጓሞቹ ግን አንድ መሆን አለባቸው።

ዛሬ ማታ 111ዱን በራስሽ ቁጥሮች ጻፊና ከመስክሽ ውጭ ለሆነ አንድ ሰው ስጪው። አንዴ ብቻ ያንብበው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበይና «ምን አገኘሁ?» በይው። «ሰጪዎቹ ተሻሉ» ካለሽ ጨርሰሻል። «ስለ ተማሪዎች ድርሰት ነው» ካለሽ ዐረፍተ ነገሮቹን እንደገና እዪ፤ ምናልባት ግኝቱ ከዘዴው ጋር ተጣብቆ ተሸፍኖ ይሆናል። ነገ ጠዋት ለአማካሪሽ የምትልኪውም ይህንኑ አጭሩን ይሁን። 250ውን ሞልተሽ አትላኪ። ከሞላ ነገር ላይ «ይህን ቀንሺ» ማለት ለእሳቸውም ከባድ ነው። አጭሩን ካዩ የጎደለውን ይነግሩሻል፤ ለዚያ ደግሞ 139 ቃል ተቀምጦልሻል።